ከኑርሁሴን ጀርባ ያለው ግድግዳ

ጀላል «ሠዓሊ» ሲሉት ደስ ይለው ነበር፤ የደሴው የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው ግን «ቀለም ቀቢው» ከሚለው ስም ንቅንቅ አላለም። ለነገሩ ሰፈሩ ውስጥ እሱ ያልነካው ግድግዳ የለም። የቀበሌውን መፈክር የሚጽፈው እሱ፣ የሻይ ቤቱን ስም የሚጽፈው እሱ፣ ሞላ ፎቶ ቤት ውስጥ ሰው ጀርባውን ሰጥቶት የሚነሳበትን ፏፏቴም የሳለው እሱ ነው። ውሃው ሽቅብ ይፈሳል እያሉ የሚቀልዱ አልጠፉም። እሱም ያላዩትን ፏፏቴ ከዚህ በላይ መሳል አይቻልም ብሎ ይመልስላቸዋል።

ዘመኑ የደርግ መንግሥት ስሙን ለውጦ ኢሕዲሪ የተባለበት ነው። ግድግዳ ሁሉ ይናገር ነበር። አንዱ መፈክር ሳይደርቅ ሌላው ይታዘዛል፤ ጀላልም ኖራውን በጥብጦ የቆየውን ያጠፋና አዲሱን ይጽፋል። በእንጀራ በኩል የሚያማርር አልነበረም። ሐሳቡ ሌላ ነው፤ ሸሪፋን ይወዳል።

ቢስቲማ ላይ የጤና ጣቢያውን ታቤላ ሊጽፍ ሄዶ ነው ያያት። እሷም አይታዋለች። እናቷ መዲናም ልጁን ወደውታል። ሽማግሌ ሲልክ ግን የልጅቷ አጎት ሙሄዲን አንገታቸውን ነቀነቁ። አባቷ ሞተዋል፤ አባት ከሌለ ደግሞ ኒካሁን የሚያስረው ወንድም ነው። ወንድሟ ኑርሁሴን ግን «በተሳቢ መኪና ሹፌርነት ካልሆነ አልመለስም» ብሎ ከቤት ወጥቶ፣ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። «ወንድም ከጠፋ የማስረው እኔ ነኝ» አሉ ሙሄዲን። «እኔ ከሆንሁ ደግሞ የምሰጠው ለማውቀው ሰው ነው። እስከ ረመዳን እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጥበቃ የለም።» የሚያውቁት ሰው የጨው ነጋዴ ነው። መልካም ሰው ነው፤ ጥርሱ ግን ሸሪፋ ጥርስ ሳታወጣ አልቋል።

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ረፋድ ላይ ጀላል ፏፏቴውን ለማደስ ሞላ ፎቶ ቤት ውስጥ ቀለም ሲደባልቅ መዲና ገቡ። ከኋላቸው ሸሪፋ፣ ከሸሪፋ ኋላ ሙሄዲን። ጀላል ብሩሹን የሚያስቀምጥበት ጠፋውና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ መዲና። ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ፎቶ ፈትተው ለፎቶ ቤቱ ባለቤት ለሞላ ሰጡት። «ይኸ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መጥቶ ሐይቅ ገበያ ላይ ደረሰኝ። ‹ልጅሽ ነው፣ ደህና ነው› አሉኝ። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። እኔን የቸገረኝ ግን ሌላ ነው። ልጄ ነው፤ ልጄ አይደለም።»

«እንዴት ነው እሱ እናቴ?» አለ ሞላ። ሞላ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ በሕይወቱ ያነሳው ሰው ሁሉ «ይኸ እኔን አይመስልም» ብሎታል።

«ኑርሁሴንን በሬ የወጋው ግራ ቅንድቡ ላይ ነው። ጠባሳውን ያጠብሁት እኔ ነኝ። ይኸ ልጅ ግን ጠባሳው በቀኝ ነው። መልኩ ሁሉ የሱ ሆኖ ጠባሳው ቦታውን ስቷል። ጂን ይሆን እንዴ ብዬ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳልተኛ አደርሁ።»

ፎቶው የመንገድ ፎቶ አንሺ ሥራ ነው። ፈገግ ያለ ልጅ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በግድግዳ ፊት ቆሟል። ከጀርባው ሥዕል አለ፣ የተለጠፈ ወረቀት አለ፣ ጽሑፍም አለ።

«ጽሑፉንስ ለማንበብ አልሞከሩም?» አለ ጀላል። መዲና የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀታቸውን በመስተዋት አስገጥመው ቤታቸው እንደሰቀሉ ያውቃል።

«ሞክሬ ነበር» አሉ መዲና ዝቅ ባለ ድምፅ። «ገና ያልተማርኳቸው ፊደሎች ናቸው መሰለኝ። መምህሩ ሁሉንም ጨርሰናል ብሎን ነበር። ለካ የደበቀን አለ።»

ሞላ ፎቶውን ትክ ብሎ አየና ሳቁ አመለጠው። ደንበኞቹ ፀጉራቸውን ወደሚያበጥሩበት መስተዋት ይዟቸው ሄዶ ፎቶውን ፊት ለፊት ደቀነው። «እስኪ አሁን በመስተዋቱ ውስጥ ይዩት።»

መዲና አዩ። መስተዋቱ ውስጥ ያለው ልጅ ጠባሳው በግራ ነው። ፊደሉም ፊደል ሆነ።

«ያነሳው ሰው ኔጋቲቩን ገልብጦ ነው ያተመው» አለ ሞላ። «የፊቱን ወደ ኋላ ካደረጉት ግራው ቀኝ ይሆናል። የእርስዎ ልጅ ነው፤ ጂንም የለበት። መምህሩም ምንም አልደበቀዎትም።»

መዲና እጃቸውን መስተዋቱ ላይ አድርገው የልጃቸውን ቅንድብ ዳበሱ። ጀላል ደስታው አፈነው፤ ወዲያው ግን የሙሄዲንን ፊት አየና ጥያቄው ገና መሆኑ ገባው። ልጁ አለ። የት ነው ያለው?

ሞላ ፎቶውን በራሱ ካሜራ አነሳው፤ ጨለማ ክፍል ገብቶም አዲሱን ኔጋቲቭ ገልብጦ አሳድጎ አተመው። ከቀትር በኋላ አራት እጅ የሚያህል ፎቶ ከነእርጥበቱ ጠረጴዛው ላይ ተነጠፈ። አምስቱም ከበቡት።

«እዚህ ላይ ሥራው የኔ ነው» አለ ጀላል ደረቱን ነፋ አድርጎ። ሸሪፋ ፈገግታዋን በነጠላዋ ሸፈነች። «ከላይ በትልቁ ያለው ‹አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት› ነው። ይኸን ከምጽዋ እስከ ሞያሌ ያላጻፈ የለም፤ ስለ ቦታው ምንም አይነግረንም። ከሥሩ ግን ‹ቀበሌ› ይላል፤ ቁጥሩን የልጁ ትከሻ ሸፍኖታል። ገጠር ቢሆን የገበሬ ማኅበር ይል ነበር። ስለዚህ ከተማ ነው።»

«ከተማ መሆኑንማ ሸሚዙም ይናገራል» አሉ ሙሄዲን።

ጀላል እንዳልሰማ ሆኖ ጣቱን ወደተለጠፈው ወረቀት አሳለፈ። «ይኸ የመሠረተ ትምህርት ወረቀት ነው፤ በማተሚያ ቤት የታተመ። ፊደሉ የኛ ነው፣ ቋንቋው ግን አማርኛ አይደለም። ይቺን ፊደል አያችሁ? ‹ደ›ን ትመስላለች፣ ግን ጭማሪ ምልክት አላት። አማርኛ ውስጥ የለችም። ከሚሴ ላይ የኦሮምኛ ሰሌዳ ስጽፍ ነው ያወቅኋት።» ከዚያም ትርጉሙን ሳያውቅ፣ ፊደሉን ብቻ እየተከተለ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ዺራፊ ዱበርቲን ሀ በረተን።»

«ወንዱም ሴቱም ይማር» አሉ ሙሄዲን ሳያስቡት። ባቲ ገበያ ያረጀ ነጋዴ ኦሮምኛ አይጠፋውም። ራሳቸውም ደስ ብሏቸው ወደ ፎቶው ጠጋ አሉ። «እበሩ ራስ ላይ ያለው ዐረብኛ ደግሞ ቢስሚላህ ነው። የእስላም ምግብ ቤት ነው።»

ቀጥሎ ሥዕሉ ነበር። ሠራተኛ፣ ገበሬና ወታደር ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል፤ ቀይ ባንዲራው ከኋላቸው ይውለበለባል። ጀላል ይኸን ሥዕል አይኑን ጨፍኖ ይስለዋል። ሠራተኛው ምንጊዜም መዶሻ ነው የሚይዘው። የዚህ ግድግዳ ሠራተኛ ግን በክንዱ ያቀፈው ትልቅ የክር ጥቅል ነው።

«መዶሻውን ያስጣለው ሰፈሩ ነው» አለ ጀላል። «ሠዓሊ ዝም ብሎ ከሞዴሉ አይወጣም። ይኸን ያዘዙት ሰዎች የራሳቸውን ሥራ ማየት ፈልገው ነው። የክር ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነው።»

ሙሄዲን ቀና አሉ። «ኦሮምኛ አለ። እስላሞች አሉ። የክር ፋብሪካ አለ። ድሬዳዋ ነው። እኔ ድሬ ላይ ስነግድ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ነው ግድግዳው።»

ጀላል የጠፋ ልጅ ቅርብ አይኖርም ብሎ ሩቅ ሩቆቹን ከተማዎች በሐሳቡ ደረደራቸው፤ የሚቃወምበት ነገር አጣ። ድሬዳዋ ከሆነ ደግሞ የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ ማስጻፍ አለ፣ አውቶቡስ መጠበቅ አለ፣ መንገዱ አለ፣ እዚያ ትልቅ ከተማ ውስጥ አንድ ልጅ መፈለግ አለ። ረመዳን ገብቶ ይወጣል። ሸሪፋን ላለማየት ፏፏቴውን አየ። አሁን ውሃው በርግጥም ሽቅብ ይፈስ ነበር።

«ድሬዳዋ ይመስላል» አለ። መዋሸት ይችል ነበር፤ አልዋሸም። ያን ጊዜ ሸሪፋ ይበልጥ ወደደችው፤ ግን ምን ያደርጋል።

ሙሄዲንም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማሸነፋቸው ብዙም አላስደሰታቸውም። «አላህ ያለው ነው» ብለው ባርኔጣቸውን አነሱ። «ልጁ በሕይወት መኖሩን አወቅን፤ አልሐምዱሊላህ። ኒካሁን እንግዲህ እኔው—»

«ቆይ አንዴ» አሉ መዲና። «እኔ እኮ አልጨረስሁም።»

ማንበብ ከጀመሩ ጀምሮ ከፎቶው ቀና አላሉም ነበር። ጣታቸውን ከላይኛው መፈክር መጀመሪያ አንስተው፣ ሌላው ሁሉ ሲከራከር፣ እሳቸው ፊደል በፊደል እያነበቡ ነበር። መሠረተ ትምህርት የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ ፊደል ያለበትን ትቶ አያልፍም፤ የሳሙና ካርቶን እንኳ እስከ መጨረሻው ያነባል። አሁን ጣታቸው ከግድግዳው ሥር፣ ከኑርሁሴን ጉልበት አጠገብ ደርሷል። እዚያ የሚታየው የከሰል ጥቁረት ነው።

«እሱ ቆሻሻ ነው እትየ መዲና» አለ ጀላል። «ሰው በከሰል የሞነጫጨረው ነው። እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ በኖራ የማጠፋው እሱን ነው።»

«ለምን ታጠፋዋለህ? ፊደል አይደለም?» አሉና ቀጠሉ። «እ...ዚህ... የሸ...ና... ወ...ላሂ... አብ...ሽር... አይባልም።»

ከዚያ መጀመሪያ የሳቀችው ሸሪፋ ናት። በእኛ በወሎ የታመመውም የከሰረውም የሚባበለው በ«አብሽር» ነው፤ «አይዞህ» እንደ ማለት። እሱን መከልከል ከግርፋት ይከፋል።

«ይኸ የኛ ሰው ነው» አሉ መዲና። «ይኸን የጻፈ ሰው የኔን ቤት ሽሮ የበላ ይመስለኛል።»

ሙሄዲን ግን ነጋዴ ናቸው፤ በቀላሉ አይሸጡም። «እኛ ወሎዬዎች የት አንገኝም? እኔ ራሴ ድሬ ኖሬ የለም? አንድ የኛ ስደተኛ ሲያልፍ ጽፎት ይሆናል።»

መዲና ጣታቸውን አንድ መስመር ዝቅ አደረጉ። ይኸኛው በከሰል ሳይሆን በጡብ ስባሪ የተጻፈ ነው፤ የፊደሉም አጣጣል ሌላ ነው። «ታ...ዲያ... የት... እንሂድ... አንቱ።»

ጀላል ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ጋሼ ሙሄዲን፣ ይኸ ሌላ እጅ ነው። የመጀመሪያውን ሰው ሰምቶ የመለሰለት ሰው ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ስደተኛ ነው እንበል። ሁለት ሰው በኛ በወሎዬዎች አነጋገር እየተመላለሰ ከተቀላለደ ግን ያ ሰፈር ነው። የታተመው ወረቀት በመኪና ተጭኖ የትም ይሄዳል። ከሰል ግን የሚጽፈው እዚያው የሚኖር ሰው ነው።» ይኸን ሲል ስንት ሰፈር በኖራው ሥር እንደቀበረ ትዝ ብሎት አፈረ።

ሙሄዲን ፎቶውን አዩ። «ድሬ ላይማ» አሉ በመጨረሻ፣ ከራሳቸው ጋር እንደሚነጋገሩ ሁሉ፣ «ኦሮምኛው በተለጠፈበት ሶማሊኛውም ጎን ለጎን ይለጠፍ ነበር። እዚህ ላይ የለም።»

«እንግዲያው» አለ ሞላ፣ «በወሎ ምድር፣ የክር ፋብሪካ ያለበት፣ ኦሮምኛም የሚነገርበት ከተማ የት ነው?»

መልሱን ሁሉም ያውቁት ነበር። ከደሴ ተነስቶ ሐረጎ ተራራን ቁልቁል መውረድ ብቻ ነው። መዲና ልጄ ጠፋ ብለው ሲያለቅሱለት የኖሩት ሰው ኮምቦልቻ ነው ያለው።

በማግስቱ ጠዋት አራቱ በአውቶቡስ ወረዱ። ሞላ ቀረ፤ ፎቶውን ግን ሰጥቷቸዋል። ሐረጎን ጨርሰው ሙቀቱ ሲቀበላቸው መዲና ነጠላቸውን ላላ አደረጉ። ጀላል ኑርሁሴን የሚባል ልጅ አታውቁም ወይ ብሎ አልጠየቀም፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ኑርሁሴን ስንቱ ነው። ግድግዳውን ነው የጠየቀው። አንድ ቀለም ሻጭ ፎቶውን ገና ሳያገላብጠው፣ «ይኸማ ፋብሪካው መንገድ ላይ ያለው የሹፌሮች ምግብ ቤት ነው» አለ። «ቀለሙን እኔ ነኝ የሸጥኩት። ሠዓሊው ክሩን ሲስል ነጩ አልቆበት ተመልሶ መጥቶ ነበር።»

ግድግዳው ቆሞ ጠበቃቸው። መፈክሩ አለ፣ ሠራተኛው ክሩን አቅፏል፣ የኦሮምኛው ወረቀት ፀሐይ በልቶት ነጥቷል። መዲና ግን እሱን ሁሉ አልፈው ጎንበስ አሉና ከሥር ያለውን ከሰል በጣታቸው ነኩት። ከዚያ ቀና ሲሉ በሩ ላይ ሽርጥ የታጠቀ፣ የወጥ ማማሰያ የያዘ ወጣት ቆሞ አዩ። ጠባሳው በግራ ነው።

«እማየ» አለ ኑርሁሴን። ማማሰያውን ከጀርባው ደበቀው።

መዲና አቀፉት፣ ገፉት፣ መልሰው አቀፉት። አለቀሱም። «ይኸን ያህል ቀርበህ» አሉ፤ «እኔ እኮ ባሕር ማዶ ያለህ መስሎኝ ነበር የምጸልይልህ።»

«በተሳቢ ካልሆነ አልመለስም ብዬ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ተሳቢውን የሚነዱትን ነው የማበላው። የወንድ ወጥ ሠሪ ሆነ ከምትባይ ብዬ... ደህና መሆኔን ብቻ እንድታውቂ ነው የላክሁት። የቤቱ ስም እንዳይታይ ከታቤላው ራቅ ብዬ ነው የተነሳሁት። ማን ነገረሽ?»

«ግድግዳው» አሉ መዲና። «ወላሂ፣ አንብቤ ነው።» ይኸን ሲሉ በኩራት የሚይዙት የሚጨብጡት አጡ።

ወጡን አስቀረበላቸው። ሙሄዲን አንዴ ጎረሱ፣ ደግመው ጎረሱ። ጉርሻቸው ከበዛ በኋላ እጃቸውን ታጠቡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወንድሟ ተገኝቷል። ቃሌ ቃል ነው፤ ኒካሁን የሚያስረው እሱ ነው። ጨው ነጋዴው ሌላ ፈልግ ይባላል።» ከዚያም ጀላልን አዩት። «አንተ ልጅ፣ ድሬዳዋ ነው ስል ልትከራከረኝ ትችል ነበር። አልተከራከርህም።»

«ትክክል መስለውኝ ነው» አለ ጀላል።

«እኔም የወደድሁት እሱን ነው።»

ኑርሁሴን እህቱን አየ፣ ጀላልን አየ፣ ነገሩ ገባው። «ብሩሽ ኪስህ ውስጥ አለ» ብቻ አለው። ሸሪፋ ሳቋን መያዝ አቃታት። ከትናንት ጀምሮ እዚያው ነበር፤ ሱሪው አረንጓዴ ሆኗል።

ሊነሱ ሲሉ የምግብ ቤቱ ባለቤት መጥቶ ጀላል ቀለም ቀቢ መሆኑን ሲሰማ ተደሰተ። ቀበሌው ግድግዳውን አጽዱ እያለ አላስቀምጠው ብሏል። ኖራ በባልዲ ተበጥብጦ ከጓሮ መጣ። ጀላል እጅጌውን ሰበሰበ፤ ዘወር ሲል ግን መዲና ከልጃቸው ማድቤት አንድ ከሰል ይዘው ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል።

እየጻፉ ነበር። ከክፍል ውጭ ጽፈው አያውቁም። ሁሉም ዙሪያቸውን ቆሞ ጠበቀ፤ ማንም ፊደል አልጠቆማቸውም። ከሁለቱ መስመሮች በታች፣ አንዱ ፊደል ካንዱ እየበለጠ፣ እንዲህ ጻፉ፦ «ልጄን እዚህ አገኘሁት። እናንተንም አላህ ከጠፋባችሁ ያገናኛችሁ። መዲና የቢስቲማ።»

ሙሄዲን አጎንብሰው ከእጃቸው ከሰሉን ወሰዱ። ከሥሩ በዐረብኛ ፊደል «አሚን» ብለው ጻፉበት።

ጀላል የኖራውን ባልዲ ወደ ባለቤቱ ገፋ አደረገው። «ከላይ ያለውን እቀባልሃለሁ» አለ። «ከጉልበት በታች ግን አልነካም።»